የስታርች ጄላቲናይዜሽንና ሬትሮግራዴሽን፦ የማጠቃለያ ፈተና ከነመልሱ

የምግብ ሳይንስ፣ 3ኛ ዓመት። ጊዜ፦ 1 ሰዓት ከ30 ደቂቃ። ጠቅላላ ነጥብ፦ 50። ካልኩሌተር ይፈቀዳል። መልሱና የእርማቱ ማስታወሻ ከፈተናው በኋላ የተጨመረ ነው።

ከመጀመሪያው ጥያቄ እስከ መጨረሻው የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ውሃው የት እንዳለ፣ የትኛው ሞለኪውል እንደተንቀሳቀሰ፣ በስንት ዲግሪ እንደሆነ ጻፉ። «ዱቄቱ ውሃ ጠጣ» ወይም «ዳቦው ደረቀ» ብቻውን ነጥብ አያሰጥም።

ለሁሉም ጥያቄ የሚያገለግል መረጃ፦ ስታርች ጄላቲናይዝ የሚያደርግበት ሙቀት በግምት ለስንዴ ከ58 እስከ 64 °C፣ ለበቆሎ ከ62 እስከ 72 °C፣ ለጤፍ ከ68 እስከ 80 °C ነው። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,450 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ውሃ የሚፈላው በ92 °C አካባቢ ነው።

ጥያቄ 1 (6 ነጥብ)

1 ሊትር ውሃ እየፈላ ነው። 500 ግራም የገብስ ዱቄት በአንድ ጊዜ ተገለበጠበት፤ ማማሰያው የገባው ከደቂቃ በኋላ ነው። ገንፎው ጓጎለ። አንዱን ጓል በማንኪያ ሲሰነጥቁት ውጩ አንጸባራቂና የሚያጣብቅ፣ መሃሉ ነጭ ደረቅ ዱቄት ነው። ሀ) ለምን? ለ) 20 ደቂቃ ተጨማሪ ማብሰል ጓሉን ያጠፋዋል? ሐ) ሁለት መከላከያ ጥቀሱ።

*መልስ።* ሀ) የፈላው ውሃ መጀመሪያ የነካው የጓሉን ውጫዊ ዱቄት ነው። እዚያ ያሉት የስታርች ቅንጣቶች በሰከንዶች ውስጥ ጄላቲናይዝ አድርገው አበጡ፤ ከውስጣቸው የወጣው አሚሎስም እርስ በርስ አጣበቃቸው። ይህ ልባስ ውሃ እንደልቡ አያሳልፍም። ሙቀቱ ወደ መሃል ይደርሳል፣ ውሃው ግን አይደርስም፤ ያለ በቂ ውሃ ደግሞ ስታርች ቢሞቅም አያብጥም። ለ) አያጠፋውም፤ ውሃ በጄል ውስጥ የሚጓዘው እጅግ በዝግታ ነው። ሐ) ዱቄቱን ቀድሞ በቀዝቃዛ ውሃ መበጥበጥ፣ ወይም እያማሰሉ ጥቂት በጥቂት መነስነስ። የመጀመሪያው የሚሠራው ቀዝቃዛ ውሃ ቅንጣቶቹን ሳያጣብቅ ስለሚለያያቸው ነው። በቀዝቃዛ ውሃ ቅንጣቱ ጥቂት ውሃ ቢይዝም ሲደርቅ ወደ ነበረበት ይመለሳል፤ ከጄላቲናይዜሽን በኋላ ግን መመለስ የለም።

«ሙቀቱ ወደ ውስጥ ስላልገባ» ያለ 0 ያገኛል። የጓሉ መሃል እጅ ያቃጥላል።

ጥያቄ 2 (12 ነጥብ)

ቢቸና አካባቢ በተመረተ ጤፍ የተቦካ ሊጥ አለ። ከቡኮው አንድ አሥረኛው ተወስዶ በሦስት እጥፍ ውሃ ተበጥብጦ አብሲት ይጣላል። ሀ) አብሲቱ ድስት ውስጥ ሲበስል የሚታየውን ለውጥ ከቅንጣቱ ለውጥ ጋር አያይዛችሁ አስረዱ። ለ) ደብረ ማርቆስ ላይ ያለው የመፍያ ሙቀት ለዚህ ይበቃል? ሐ) አብሲቱ 65 °C ላይ ከምድጃ ቢወርድ እንጀራው ምን ይሆናል? መ) አብሲቱ እንደፈላ ወደ ቡኮው ቢገለበጥስ?

*መልስ።* ሀ) (5 ነጥብ) መጀመሪያ ውሃ የሚመስል ደብዛዛ ብጥብጥ ነው፤ ማማሰያው ካቆመ ዱቄቱ ወደ ታች ይዘቅጣል። ቅንጣቶቹ ውስጥ አሚሎፔክቲን በክሪስታል ተደርድሮ ስላለ በፖላራይዝድ ማይክሮስኮፕ መስቀል የመሰለ ምስል ያሳያሉ። ሙቀቱ ወደ 70 °C ሲጠጋ የሃይድሮጅን ትስስሮቹ ይላላሉ፣ ውሃ ይገባል፣ ክሪስታሉ ይፈርሳል፣ መስቀሉም ይጠፋል። ያበጡት ቅንጣቶች ቦታ እየያዙ ነጻውን ውሃ ስለሚያሳንሱትና እርስ በርስ ስለሚፋተጉ ማማሰያው ይከብዳል። አሚሎስ ወደ ውሃው ይሾልካል። በዓይን የሚታየው ምልክት ይኸው ነው፦ ብጥብጡ ደብዛዛነቱን ትቶ አንጸባራቂ ይሆናል፤ ማንኪያ ሲነከርበትም እየለበሰ ይወጣል። ለመወፈሩ ዋናው ምክንያት የቅንጣቶቹ እብጠት ነው፤ የሾለከው አሚሎስ አጋዥ ነው። ይህን ቅደም ተከተል የገለበጠ 2 ነጥብ ያጣል።

ለ) (2 ነጥብ) ይበቃል። 92 °C ከ80 °C በላይ ነው። ሆኖም ልዩነቱ ጠባብ ስለሆነ እንደፈላ ወዲያው ማውረድ አይመከርም፤ ጥቂት ደቂቃ እያማሰሉ ማቆየት ትላልቁ የዱቄት ብናኝ ውስጥ ያለውም ስታርች እንዲበስል ያደርጋል።

ሐ) (3 ነጥብ) 65 °C ከጤፍ መነሻ ሙቀት በታች ነው። አብዛኛው ቅንጣት ጥሬ ስለሚቀር አብሲቱ አይወፍርም። ጤፍ እንደ ስንዴ የሚለጠጥ ግሉተን የለውም፤ በእርሾው የሚፈጠረውን ጋዝ ሊጡ ውስጥ ይዞ የሚያቆየው ይህ የበሰለው ስታርች ነው። ያለ እሱ ሊጡ ቀጥኖ ይዘቅጣል፣ ጋዙ ያመልጣል፣ የእንጀራው ዓይን ያንሳል፣ እንጀራውም ሲታጠፍ ይሰነጠቃል። ስንዴን አስቦ «65 °C ይበቃል» ያለ ተማሪ መረጃውን አላነበበም።

መ) (2 ነጥብ) እርሾውና ላክቲክ አሲድ አምራች ባክቴሪያዎቹ ይሞታሉ ወይም ይዳከማሉ፣ አብሲት ከተጣለ በኋላ የሚጠበቀው ኩፍታም አይመጣም። በተጨማሪ ትኩሱ የነካው የቡኮ ክፍል እዚያው ይጓጉላል። ለብ እስኪል አብርዶ ማዋሃድ ነው።

ጥያቄ 3 (8 ነጥብ)

ቀጥሎ ያለው ቁጥር ለፈተናው የተዘጋጀ የቪስኮሲቲ መለኪያ ውጤት ነው፤ አሃዱ ሴንቲፖይዝ ነው። ስታርች «ሀ»፦ ከፍተኛው 2,100፣ ሲቆይ ዝቅተኛው 1,400፣ ወደ 50 °C ሲቀዘቅዝ 2,600። ስታርች «ለ»፦ 3,400፣ 1,300፣ 1,700። አንዱ መደበኛ የበቆሎ፣ ሌላው አሚሎስ የሌለው የበቆሎ ስታርች ነው። የሁለቱንም መፍረክረክና መልሶ መጠንከር አስሉ፤ የትኛው የትኛው እንደሆነ ለዩ።

*መልስ።* መፍረክረክ ማለት ከፍተኛው ሲቀነስ ዝቅተኛው ነው፦ «ሀ» 700፣ «ለ» 2,100። መልሶ መጠንከር የመጨረሻው ሲቀነስ ዝቅተኛው ነው፦ «ሀ» 1,200፣ «ለ» 400። አሚሎስ የሌለው «ለ» ነው። ቅንጣቶቹ በጣም ያብጣሉ፣ ስለዚህም ሲማሰሉ በቀላሉ ይፈነዳሉና ይቀጥናሉ። ሲቀዘቅዙ በፍጥነት ተገናኝቶ ጄል የሚሠራ አሚሎስ ስለሌላቸው እምብዛም አይረጉም። «ሀ» አድሮ በቢላ የሚቆረጥ ይሆናል፣ ዳርና ዳሩም ውሃ ይጥላል። ይህ ውሃ መጣል ከውጭ የተጨመረ ውሃ አይደለም፤ ሰንሰለቶቹ እየተጠጋጉ ሲደረደሩ ያስወጡት ነው። ስሌቱ 4፣ ማብራሪያው 4 ነጥብ።

ጥያቄ 4 (12 ነጥብ)

ከአንድ የስንዴ ዳቦ ሦስት እኩል ቁራሽ ተቆርጦ እያንዳንዱ አየር በማያስገባ ፕላስቲክ ተጠቀለለ። አንዱ 20 °C ባለው ክፍል፣ አንዱ 4 °C ባለው ፍሪጅ፣ አንዱ −18 °C ባለው ማቀዝቀዣ ተቀመጠ። ከ2 ቀን በኋላ የሦስቱም ክብደት አልተለወጠም። የበለጠ የጠነከረው የትኛው ነው? ለምን? ቢሞቅ ምን ይሆናል? ሙቀቱ ያልመለሰው ነገርስ ምንድን ነው?

*መልስ።* የፍሪጁ። የዚህ ጥያቄ ቁልፍ ክብደቱ ነው፤ ውሃ አልጠፋም፣ ዳቦው ግን ጠንክሯል። ፈረንሳዊው ቡሴንጎ በ1852 እ.ኤ.አ. ዳቦ ውሃ ሳያጣም እንደሚጠነክር፣ ሲሞቅም እንደሚለሰልስ አሳይቶ ነበር። በአማርኛችን ግን ሁለቱንም «ደረቀ» ስለምንላቸው ቃሉ ራሱ ተማሪውን ያሳስተዋል፤ ስለዚህ በመልሳችሁ «መጠንከር» በሉ።

ዳቦው ከምድጃ እንደወጣ አሚሎስ በሰዓታት ውስጥ ተደርድሮ ቅርጹን ያጸናል፤ ትኩስ ዳቦ ሲቆረጥ የሚለነቀጠው፣ ከቀዘቀዘ በኋላ ግን በደንብ የሚቆረጠው ለዚህ ነው። ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት የሚጠነክረው በዋናነት የአሚሎፔክቲን ቅርንጫፎች ቀስ ብለው እንደገና ክሪስታል ስለሚሠሩ ነው። ክሪስታል እንዲሠራ ሁለት ነገር ያስፈልጋል፦ አዲስ ክሪስታል መነሳት፣ ይህም ቅዝቃዜ ይወዳል፤ የተነሳው ማደግ፣ ይህ ደግሞ ሞለኪውሉ እንዲንቀሳቀስ ሙቀት ይፈልጋል። 4 °C አካባቢ መነሳቱ ፈጣን ሆኖ ውሃው ገና በረዶ አልሆነም። በ−18 °C ውሃው በረዶ ሆኗል፣ ቀሪውም እንደ መስታወት ጠጥሯል፤ ሰንሰለቱ የሚንቀሳቀስበት የለውም።

ከ60 °C በላይ ሲሞቅ የአሚሎፔክቲኑ ክሪስታል ይቀልጣል፣ ዳቦውም ይለሰልሳል። የአሚሎስ ክሪስታል ግን ለመቅለጥ ከ120 °C በላይ ስለሚፈልግ በእርጥብ የዳቦ ውስጥ አይቀልጥም። እንደገና የቀዘቀዘው ዳቦ ቶሎ ይጠነክራል፤ ስለዚህ የሚሞቀው የሚበላው ያህል ብቻ ነው። ነጥብ፦ ምርጫው 2፣ የሁለቱ ሞለኪውሎች ልዩነት 4፣ የሙቀት ማብራሪያው 4፣ ማሞቁ 2። «ፍሪጅ ውሃውን ስለሚመጥ» የሚል መልስ ፕላስቲኩን ረስቷል።

ጥያቄ 5 (8 ነጥብ)

በሦስተኛው ቀን መሶብ ውስጥ ያለ እንጀራ ሲታጠፍ ይሰነጠቃል፤ ፍርፍር ሲሆን ግን ይለሰልሳል። ድርቆሽ ደግሞ ወራት ይቆያል። ሦስቱን አስረዱ።

*መልስ።* እንጀራው ሲያድር አሚሎፔክቲኑ ተደርድሯል። የፍርፍር ትኩስ ቁሌት ከ60 °C በላይ ስለሆነ ክሪስታሉን ያቀልጣል፣ መረቁም ሲሰርግ የተገፋውን ውሃ ይተካል፤ ሁለቱም ካልተጻፉ ሙሉ ነጥብ የለም። ቀዝቃዛ ውሃ ብቻ ቢረጭበት እንጀራው ይረጥባል እንጂ ክሪስታሉ አይቀልጥም። ድርቆሽ የሚቆየው ውሃው ስላነሰ ሰንሰለቱ ባለበት ስለሚቆም፣ ሻጋታም የሚያድግበት ስለማያገኝ ነው። ሲሰጣ ግን ቀጭን ተቆራርጦ በፀሐይ በፍጥነት መድረቅ አለበት። በጥላ ቀስ ብሎ የደረቀ እንጀራ እርጥብ ሆኖ በቆየበት ሰዓት ሁሉ ሬትሮግራዴሽኑ ይቀጥላል፤ ሻጋታም ሊይዘው ይችላል። ሻጋታንና መጠንከርን አንድ አድርጎ የጻፈ 3 ነጥብ ያጣል፤ አንዱ የሕያው ፍጡር ሥራ ነው፣ ሌላው የሞለኪውል አደራደር ነው።

ጥያቄ 6 (4 ነጥብ)

ሀ) ጄላቲናይዜሽኑ 9.6 ጁል በግራም የወሰደ ስታርች ከ7 ቀን በኋላ ድጋሚ ሲለካ 2.4 ወሰደ። የሬትሮግራዴሽኑን መጠን አስሉ። ለ) በበቆሎ ስታርች የሚወፍር የሎሚ ሶስ ሲቀዘቅዝ ቀጥኖ ተገኘ፤ ሎሚው የገባው ከመጀመሪያው ነው። ምን ይደረግ?

*መልስ።* ሀ) 2.4 ÷ 9.6 × 100 = 25 በመቶ። ለ) አሲድ በሙቀት ሰንሰለቱን ይቆራርጠዋል፣ አጭር ሰንሰለት ደግሞ አያወፍርም። ስታርቹ በውሃ ብቻ ይብሰል፤ ሎሚው ከምድጃ ከወረደ በኋላ ይጨመር። «ስታርች እንጨምር» ለሚለው ግማሽ ነጥብ አለ፤ ሶሱን ያወፍረዋልና፣ ምክንያቱን ግን አልነካም።