ትክክለኛውን የመላምት ፍተሻ መምረጫ ፍሎውቻርት (ከምዕራፍ 8 የተዘጋጀ)

ይህ ፍሎውቻርት በሱሉልታ ከወተት ላም አርቢዎች መረጃ ለሚሰበስቡ የእንስሳት እርባታ ተማሪዎች የተዘጋጀ ነው። ምዕራፉ ፍተሻዎቹን በየስማቸው ተራ በተራ ያስተምራል፤ እዚህ ግን መነሻው በእጃችሁ ያለው መረጃ ነው። ከሣጥን 1 ጀምሩና መልሳችሁ ወደሚመራችሁ ሣጥን እለፉ። ፍተሻው መመረጥ ያለበት ውጤቱ ከመታየቱ በፊት ነው፤ p < 0.05 እስኪገኝ ድረስ ፍተሻ እየቀያየሩ መሞከር የፒ-ቫልዩን ትርጉም ያጠፋዋል።

ሣጥን 1፦ የተለካው ምንድን ነው?
እንደ ሊትርና ኪሎ ያለ መጠን ከሆነ → ሣጥን 2። እንደ «ዝቅተኛ፣ መካከለኛ፣ ከፍተኛ» ያለ ደረጃ ከሆነ → ሣጥን 5። «ታማለች» ወይም «አልታመመችም» የሚል ምድብ ከሆነ → ሣጥን 6።

ሣጥን 2፦ የሚነጻጸሩት ስንት ናቸው?
የአንድ ቡድን አማካይ አስቀድሞ ከታወቀ ቁጥር ጋር ከሆነ፣ የአንድ ናሙና ቲ-ቴስት። ሁለት ከሆኑ → ሣጥን 3። ሦስትና ከዚያ በላይ ከሆኑ → ሣጥን 4።

ሣጥን 3፦ ልኬቶቹ ጥንድ ናቸው?
እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አስቡ፤ መልሱ የሚገኘው ከቁጥሮቹ ሳይሆን መረጃው ከተሰበሰበበት መንገድ ነውና። የ12 ላሞች ወተት ፋጉሎ ከመጀመራቸው በፊትና ከጀመሩ በኋላ ተለክቶ ከሆነ፣ በመዝገቡ ላይ 24 ቁጥሮች ቢኖሩም ለፍተሻው የሚቀርቡት 12 ልዩነቶች ናቸው፤ ስለዚህ የጥንድ ቲ-ቴስት ይሠራል። ሁለቱን ዓምዶች እንደማይገናኙ ቡድኖች ብትቆጥሯቸው፣ በቀን 6 ሊትር በምትታለበው የአገር ላምና 18 ሊትር በምትታለበው ዲቃላ መካከል ያለው ሰፊ ልዩነት፣ ፋጉሎው ያመጣውን የ1 ሊትር ጭማሪ ሊሸፍነው ይችላል።

ላሞቹ የተለያዩ ከሆኑ የዌልችን ቲ-ቴስት ምረጡ፤ የሁለቱ ቡድኖች ቫሪያንስ እኩል ነው ብሎ ስለማይነሣ ከተለመደው ይልቅ አስተማማኝ ነው። ናሙናው ትንሽ ሆኖ ሥርጭቱ (በጥንድ ከሆነ የልዩነቶቹ ሥርጭት) ወደ አንድ ወገን እጅግ ካዘነበለ → ሣጥን 5።

ሣጥን 4፦ በየቡድኑ ያሉት ላሞች የተለያዩ ናቸው?
አዎ ከሆነ አኖቫ፤ ልዩነት ከታየ የትኛው ከየትኛው እንደሚለይ በቱኪ ፍተሻ ይታያል። ተመሳሳዮቹ ላሞች ሦስቱንም መኖ በየተራ ከበሉ፣ የተደጋጋሚ ልኬት አኖቫ። ሥርጭቱ ካልፈቀደ → ሣጥን 5። ሦስት ቲ-ቴስቶችን ለየብቻ መሥራት አይፈቀድም፤ ያለ ልዩነት «ልዩነት አለ» የማለት ዕድሉ ከ5 በመቶ ያልፋል።

ሣጥን 5፦ በደረጃ ላይ የተመሠረቱ ፍተሻዎች
ሁለት ጥንድ፦ ዊልኮክሰን። ሁለት የተለያዩ ቡድኖች፦ ማን-ዊትኒ። ሦስትና ከዚያ በላይ የተለያዩ፦ ክሩስካል-ዋሊስ። ሦስትና ከዚያ በላይ ተደጋጋሚ፦ ፍሪድማን።

ሣጥን 6፦ ምድቦቹ በተመሳሳይ ላሞች ላይ ሁለት ጊዜ የተመዘገቡ ናቸው?
አዎ ከሆነ፣ ለሁለት ምድብ ማክኔማር። አይደለም ከሆነ የሚጠበቀውን ቁጥር አስሉ፦ የረድፉ ድምር × የዓምዱ ድምር ÷ ጠቅላላ ድምር። ከ24 ላሞች 10ሩ ከታለቡ በኋላ ጡታቸው በመድኃኒት የሚታጠብ ቢሆንና በአጠቃላይ 6 ላሞች የጡት በሽታ ቢይዛቸው፣ ከሚታጠቡት መካከል ይታመማሉ ተብሎ የሚጠበቀው 10 × 6 ÷ 24 = 2.5 ነው። ይህ ከ5 በታች ስለሆነ በካይ-ስኩዌር ፋንታ የፊሸር ፍተሻ ይሠራል፤ ሁሉም የሚጠበቁ ቁጥሮች 5 ወይም ከዚያ በላይ ቢሆኑ ኖሮ ካይ-ስኩዌር ይበቃ ነበር።