ለ8ኛ «ለ» ክፍል ተማሪዎች ወላጆች፦ የሂሳብ ትምህርቱን በስልክ ስለመከታተል

ሐይቅ፣ ሚያዝያ 13 ቀን

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ እንደምን ከረማችሁ?

ንፋሱ የወሰደው የክፍላችን ጣሪያ እስኪሠራ ድረስ ልጆቹ በፈረቃ እንደሚማሩ ሰምታችኋል። የሂሳብ ክፍለ ጊዜያችን ግማሽ ሆኗል፤ የክልሉ ፈተና ግን አይጠብቀንም። ስለዚህ ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ ማክሰኞና ሐሙስ ከምሽቱ 1:05 እስከ 1:45 በቴሌግራም አስተምራለሁ። ሰዓቱ ከመግሪብ በኋላ፣ ከኢሻ በፊት እንዲሆን ታስቦ የተመረጠ ነው።

«ኦንላይን» ሲባል ብዙዎቻችሁ ስለ ካርድ እንደምትጨነቁ አውቃለሁ። አብሽሩ። ትምህርቱ ቪዲዮ የለውም። ቪዲዮ ቢሆን በአንድ ሰዓት ከግማሽ ጊጋ በላይ ሊበላ ይችላል። እኔ የምሰጠው በድምፅ ብቻ ነው፤ 40 ደቂቃው 20 ሜጋ አካባቢ ይወስዳል። ከዚያ በፊት ሰሌዳ ላይ የጻፍኩትን ፎቶ አንስቼ እልካለሁ፤ ፎቶዎቹ ተደምረው ሁለት ሦስት ሜጋ ቢሆኑ ነው። ለሳምንቱ 100 ሜጋ ከበቂ በላይ ነው። በ*999# ትንሹን የሳምንት ጥቅል መርጣችሁ ግዙ፤ ትልቁን አትግዙ።

አገባቡ እንዲህ ነው። በሰጣችሁኝ ቁጥር አንድ ሊንክ በኤስኤምኤስ ይደርሳችኋል። ሊንኩን ስትነኩት ቴሌግራም ይከፈትና «Join Group» ይላል፤ እሱን መንካት ነው። ሰዓቱ ሲደርስ ከግሩፑ ስም ሥር «Join» የሚል ይመጣል፤ ልጁ እሱን ይንካ። ማይኩ ተዘግቶ ነው የሚገባው፤ እንደተዘጋ ይቆይ። የጓሮ ዶሮና የመንገድ ባጃጅ አብሮን እንዲማር አንፈልግም። ጥያቄ ያለው ግሩፑ ላይ ይጻፍልኝ፣ እኔ በስሙ እጠራዋለሁ።

ቴሌግራም የሌለው ስልክ ካለ ዳታ ከፍላችሁ አታውርዱ። ካለው ሰው በዜንደር ማሻገር ይቻላል። ሲመዘገብ ግን ባለ አምስት አሃዝ ኮድ ይመጣል። ይህን ኮድ ለማንም እንዳትሰጡ፤ «መምህሩ ነኝ» ብሎ የሚጠይቃችሁ ሰው ቢኖርም እኔ አይደለሁም።

አሁን ዋናው ነገር። ዳታውን የሚጨርሰው ትምህርቱ ሳይሆን ሌላው ነው። የሰርግ ቪዲዮ ከዘመድ ግሩፕ ሲመጣ ቴሌግራም ሳይጠይቃችሁ ያወርደዋል። ስለዚህ ቴሌግራም ውስጥ «Settings» ግቡ፣ «Data and Storage» የሚለውን ንኩ፣ ከዚያ «When using mobile data» የሚለውን አጥፉት። ከዚህ በኋላ የሚወርደው እናንተ የነካችሁት ብቻ ነው፤ የእኔን ፎቶም ልጁ እየነካ ይክፈት። ስልኩ ራሱ ላይ ደግሞ «Data Saver» የሚል አለ፤ እሱን አብሩ። ቲክቶክ በዚያ 40 ደቂቃ ውስጥ ባይከፈት ደስ ይለኛል፤ ይህን የምጽፈው ለልጆቹ ብቻ አይደለም።

ትምህርቱ ሲያልቅ ወዲያው ዳታ ይጠፋ። ጥቅሉ ሳታውቁ ካለቀ ከዋናው ሒሳብ መቁረጥ ይጀምራል። ምን ያህል እንደቀራችሁ በ*804# እዩ።

መብራት ማታ ማታ እንደሚሄድ ታውቃላችሁ፤ ስልኩን ቀን ላይ ቻርጅ አድርጉት። ኔትወርክ ከተቆራረጠ ልጁ ደጋግሞ እየወጣ አይግባ፣ ዳታም ትዕግሥትም ይጨርሳል። ትምህርቱን አሳጥሬ አሥር ደቂቃ በማትሞላ የድምፅ መልእክት በማግሥቱ እልካለሁ። እሷ ሁለት ሦስት ሜጋ ናት። አንዱ ካወረዳት ለጎረቤት ልጅ በብሉቱዝ ያሻግርለት።

ተች ስልክ የሌላችሁ ወላጆች፣ ልጃችሁ ትምህርቱ አያልፈውም። በአንድ ሰፈር ያሉትን ልጆች ሁለትና ሦስት አድርጌ አቀናጅቻለሁ፤ ማን ከማን ጋር እንደሚቀመጥ ልጆቹ ያውቃሉ። አንድ ስልክ ድምፁ ከፍ ከተደረገ ለሦስት ይበቃል። መልመጃውንም በወረቀት አባዝቼ ሰኞ ሰኞ ጥበቃው ቤት አስቀምጣለሁ።

አንድ ልመና አለኝ። በዚያ ሰዓት ሴት ልጆቻችሁን ጀበና ላይ አታስቀምጡብኝ። ባለፈው ሴሚስተር ጥሩ ውጤት ካመጡት ብዙዎቹ እነሱ ናቸው። ቡናው 1:45 ላይ ይፈላል፣ ወይም ወንድሟ ያፍላው።

አባት ስልኩን ይዞ መንገድ የሚወጣበት ቤት ካለ ከአሁኑ ንገሩኝ፤ ልጁን ከሌላ ጋር አቀናጀዋለሁ። እሑድ ከቀኑ 9 ሰዓት ትምህርት ቤቱ ግቢ ዋርካው ሥር እገኛለሁ። ስልካችሁን ይዛችሁ ኑ፣ ማስተካከያውን አብረን እናደርጋለን። ዳታ አያስፈልገውም።

ከአክብሮት ጋር
የ8ኛ «ለ» ክፍል የሂሳብ መምህር