ቤትህ ስትገባ አንብበው

ሁልጊዜ በምጠራህ ስም ልጀምር ብዬ ሦስት ጊዜ ጽፌ አጠፋሁት። ዛሬ በዚያ ስም ልጠራህ አይገባኝም። ሥራ ላይ ከሆንክ እባክህ አሁን ዝጋውና ቤትህ ገብተህ አንብበው። ከባድ ነገር ነው የጻፍኩልህ።

ዙሪያ ጥምጥም አልሄድም። ግንኙነታችን እዚህ ላይ እንዲያበቃ ወስኛለሁ። ትንሽ እንራራቅ ማለቴ አይደለም። እስቲ ጊዜ እንስጠው ማለቴም አይደለም። ከዛሬ ጀምሮ ፍቅረኛሞች አይደለንም።

ይህ ፊት ለፊት ተቀምጠን መነጋገር የነበረብን ጉዳይ ነው። ሦስት ዓመት የጠበቀኝ ሰው በጽሑፍ ሊሰማው አይገባም ነበር። ግን ቪዛ ለሁለተኛ ጊዜ ተከለከልኩ። አንተም እናትህን በዚህ ሁኔታ ትተሃቸው መምጣት አትችልም፤ ትተህ ብትመጣ ኖሮ እኔው ነበርኩ የምቀየምህ። እስክንገናኝ ልጠብቅ ብል፣ እስከዚያ ድረስ በየቀኑ እየዋሸሁህ ልኖር ነው። በስልክ ልነግርህም ሞክሬ ነበር። ባለፈው እሑድ «የምነግርህ ነገር አለ» ብዬህ ስለ አዲሷ አለቃዬ ማውራት የጀመርኩት ትዝ ይልሃል? ልነግርህ የነበረው ይህንን ነበር። ድምፅህን ስሰማ አቃተኝ።

ሌላ ሰው የለም። ይህን በደንብ እወቅልኝ፤ ማታ ማታ ያንን እያሰብክ እንቅልፍ እንድታጣ አልፈልግም። ነገሩ የመጣው ቀስ እያለ ነው። አንተ ምሽት 2 ሰዓት ላይ አረፍ ስትል፣ እኔ ጋ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ነው። መጀመሪያ ላይ አላርም ሞልቼ የምነሳው ደስ እያለኝ ነበር። አንዳንዴ አላርሙ ሳይጮህ ነቅቼ እጠብቅህ ነበር። ከዓመት ወዲህ ግን ስልኩ ሲጠራ ቀድሞ የሚመጣብኝ ድካም ሆነ። የርቀቱ ነው፣ ያልፋል እያልኩ ራሴን አታለልኩ። አላለፈም። «ዛሬ ደክሞኛል፣ ነገ እናውራ» ካልኩህ ቀናት ብዙዎቹ ላይ አልደከመኝም ነበር። የማወራህ ስላጣሁ ነው። ያኔውኑ ልነግርህ ሲገባ ስድስት ወር አዘገየሁት። ይህ የኔ ጥፋት ነው፣ ይቅርታ አድርግልኝ።

ትወጂኛለሽ ወይ ብለህ መጠየቅህ አይቀርም። ክፉህን መስማት አልፈልግም። አከብርሃለሁ። ግን አብሮት ሊኖር እንደሚፈለግ ሰው አይደለም አሁን የምወድህ። ቪዛው ነገ ቢፈቀድልኝ እንኳን መልሴ አይለወጥም።

አንተ ያጎደልክብኝ ነገር የለም። ታምሜ ሆስፒታል የተኛሁ ጊዜ ቪዲዮውን ሳትዘጋ እስኪነጋ አብረኸኝ ነበርክ። ወሬ አልነበረንም። እኔ እያንቀላፋሁ ስባንን አንተ እዚያው ነህ፤ ስልኩን ትራስህ ላይ አስደግፈህ ታየኛለህ። በማግስቱ ሥራ እንዳለህ አውቅ ነበር። ያንን ሌሊት እንዴት አድርጌ እረሳዋለሁ? ይህን የምልህ ላባብልህ ብዬ አይደለም። እውነት ስለሆነ ነው።

ለትኬት ብለህ የላክልኝን ገንዘብ አልነካሁትም። ሰኞ ወደ ሒሳብህ እመልሰዋለሁ፤ እባክህ አልቀበልም እንዳትለኝ። የጋራ ፎቶዎቻችን ያሉበትን አልበም እስከ ወሩ መጨረሻ አልነካውም፣ የምትፈልገውን አውርድ። ለኔ ብቻ ብለህ የላክሃቸውን ግን ከስልኬ አጥፍቻለሁ። አንተም የኔን አጥፋልኝ። ለእናትህ በፈለግከው ጊዜ አንተው ንገራቸው። ከፈቀድክልኝ አንድ ቀን ደውዬ ልሰናበታቸው እፈልጋለሁ። እንደ ልጃቸው ነው ያዩኝ። ካልፈለግክ ደግሞ አልደውልም።

ቅዳሜ በተለመደው ሰዓታችን ነቅቼ እጠብቅሃለሁ። የምትጠይቀኝን ሁሉ እመልሳለሁ። መቆጣትም መብትህ ነው፣ እሰማሃለሁ። ውሳኔው ላይ ግን አንከራከር። ከዚያ በኋላ መደዋወሉንም መጻጻፉንም እንተወው። ጓደኛሞች ሆነን እንቀጥል የማልልህ ጠልቼህ አይደለም። ስሜ ስልክህ ላይ በመጣ ቁጥር ሐሳቧን ቀይራ ይሆን እያልክ እንድትጠብቅ ስለማልፈልግ ነው።

ዛሬ ማታ ብቻህን አትደር። ወንድምህ ጋ ሂድ፤ ምን እንደሆነ ባትነግረውም እሱ ጋ እደር። ቅዳሜ ካልደወልክ አልቀየምህም። አላርሜን ግን ሞልቼዋለሁ።