ሠርግሽ ላይ ስለማልገኝ

ውድ ሜሮን፣

እንኳን ደስ ያለሽ! የጥሪ ካርዱ ደርሶኛል። ስልኬ ላይ ስከፍተው ቢሮ ነበርኩ። «ሜሮን ልታገባ ነው!» ብዬ ስጮህ አጠገቤ ያሉት ሁሉ ደነገጡ። ካርዱ በጣም ያምራል። አንቺ እንደመረጥሽው ለማወቅ ማንንም መጠየቅ አላስፈለገኝም፤ ሰንጠረዥ ስትሠሪም እንደዚያው ነሽ። ጥርት ያለ፣ ትርፍ ነገር የሌለበት።

መልሴን ሳላንዛዛ ልንገርሽ። ሠርጉ ላይ መገኘት አልችልም። ምክንያቱ የመንገድ ወጪው ነው፤ ከአቅማችን በላይ ሆነብን። «እስቲ እናያለን» ብዬ ላቆይሽ እችል ነበር። ግን አንቺ አሁን ሰው እየቆጠርሽ ነው። ወንበሩም ምግቡም በቁጥር ነው የሚከፈልበት። በኔ «እስቲ እናያለን» የተነሳ ሁለት ወንበር ባዶውን እንዲቀር አልፈልግም። ስለዚህ እኔንና ባለቤቴን ከዝርዝሩ አውጪን፤ ቦታውን ለሌላ ሰው ስጪው። ካርዱ ላይ ባለው ቅጽም «አንገኝም» የሚለውን ሞልቻለሁ። ግን ከቅጽ ላይ ከምታነቢው ከኔ ብትሰሚው ይሻላል ብዬ ነው ይህን የምጽፍልሽ።

ሌላ ሰበብ ልፈልግ ብል አላጣም ነበር። የወር መዝጊያ አለ፣ የልጅ ፈተና አለ፣ ጉንፋንም አለ። ግን ሰበብ ጣጣ አለው። «የልጄ ፈተና ነው» ብልሽ በሚቀጥለው ስንደዋወል «ፈተናው እንዴት ሆነለት?» ትይኛለሽ። ከዚያ በኋላ ሌላ ውሸት መፈለግ ነው። ገንዘብ አጠረን ማለት ደግሞ ምን ያሳፍራል? ሁለታችንም ቀኑን ሙሉ ሒሳብ ስንሠራ የምንውል ሰዎች ነን።

ሳልሞክር የቀረሁ እንዳይመስልሽ። ካርዱ በደረሰኝ ቀን ማታ፣ ልጆቹ ከተኙ በኋላ፣ እኔና ባለቤቴ ስልክና ወረቀት ይዘን ተቀመጥን። እሱ ዋጋ ያነብባል፣ እኔ እጽፋለሁ። መጀመሪያ የሁለት ሰው ደርሶ መልስ የአውሮፕላን ትኬት። ቀጥታ በረራ ስለሌለ መሀል ላይ ማደር አለ፤ እሱንም ጻፍኩ። ቀጥሎ እናንተ ከተማ የምንይዘው አልጋ። ቀጥሎ ከአየር ማረፊያ እስከ አዳራሹ የሚወስደን መኪና፤ ካርታውን ሳየው ቅርብ አይደለም። ልጆቹን ለሚጠብቅልን ሰው የሚከፈል አለ። ባለቤቴ «ልብስስ?» ሲለኝ «ያለንን እንለብሳለና!» ብዬ ያንን መስመር ሰረዝኩት። ድምሩ ግን ብዙም ፈቅ አላለም።

ስንደምረው ከወር ደሞዜ በለጠ። ከዚያ ቀን ማቀያየር ጀመርን። ሐሙስ ሄዶ ማክሰኞ ቢመለሱ ትኬቱ ትንሽ ይቀንሳል። ግን ከትኬቱ የተረፈውን አልጋው ይበላዋል። በየብስም አሰብነው። አውቶቡሱ መሄጃው ብቻ ሁለት ቀን ይፈጃል፤ መመለሻውም እንደዚያው። የቀረችኝ የዓመት ፈቃድ ለዚያ አትበቃም። ብትበቃስ፣ በወር መዝጊያ ሳምንት ማን ፈርሞ ይሰጠኛል? ለብቻዬ ልምጣ ብዬም ነበር። ትኬቱ በግማሽ ይቀንሳል፣ አልጋውና መኪናው ግን ለአንድም ለሁለትም ያው ነው።

በደህናው ጊዜ ቢሆን እንደምንም እናደርገው ነበር። ዘንድሮ ግን አባቴ ታሞ ስንመላለስ ያጠራቀምናት ሁሉ አለቀች። አሁን ደህና ነው፣ ተመስገን። እኛ ግን ቁጠባውን ከዜሮ ጀምረናል። ተበድሬ ልምጣ ብል ደግሞ ራሴን አውቀዋለሁ። አዳራሹ ውስጥ እየጨፈርኩ በልቤ የወር ክፍያውን ስደምር ነው የማመሸው።

አሁን ይህን ስታነቢ ምን እንደምትይ አውቃለሁ። «ማረፊያውን እኔ እችላለሁ» ልትይ ነው። ወይም «ትኬቱን ተካፍለን እንክፈል» ትያለሽ። እባክሽ እንዳታደርጊው። ሠርግ ደግሶ የተረፈው ሰው አላየሁም። ለኔ የምታወጪውን እዚያው ለቤታችሁ አድርጊው። ለአለቃሽም ነግረሽ መሥሪያ ቤቱ በሥራ ጉዞ ስም እንዲልከኝ እንዳትጠይቂልኝ። ባለፈው ለአንድ ሰው እንደዚያ ተደርጎ ከኦዲት ጋር የነበረውን ጭቅጭቅ ሁለታችንም እናስታውሰዋለን።

አንድ ነገር ደግሞ ከሌላ ሰው ሰምተሽ ቅር እንዳይልሽ። ከኛ ፎቅ ዮናስ ይመጣል። እሱ እህቱ እዚያው ስለምትኖር የሚያርፍበት ቤት አለው፤ ትኬቱንም ገና ድሮ በቅናሽ ነው የቆረጠው። እሱ መጥቶ እኔ የቀረሁት አንቺን ከሱ አሳንሼ አይደለም። ስጦታዬንም በሱ እጅ ነው የምልከው። ትንሽ ነገር ናት። ዕቃ እንዳይረሳ ሻንጣው ውስጥ ራሴ አስገብቼ ነው የምሸኘው፤ ዮናስን ታውቂው የለ!

እውነቱን ልንገርሽና፣ ስትጠሪኝ ገርሞኛል። በአካል የተገናኘነው ያን ጊዜ ስልጠናው ላይ ብቻ ነው፤ ያውም አንቺ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ተቀምጠን። የቀረው ትውውቃችን ሁሉ በስልክና በኢሜይል ነው። መጀመሪያ አካባቢ «እርስዎ» ስንባባል ትዝ ይልሻል? እኔ እንዲያውም በድምፅሽ ትልቅ ሴትዮ አድርጌሽ ነበር። «ቆይ፣ ቆይ፣ ቆይ» እያልሽ ወረቀት ስታገላብጪ እስከዚህ ይሰማኛል። አሁን አሁን ልጄ ሳይቀር ዕቃ ሲጠፋበት «ቆይ፣ ቆይ፣ ቆይ» ማለት ጀምሯል። ከኔ የለመደው ነው፤ እኔ ደግሞ ካንቺ።

ከሁሉም የማልረሳው የዓመት መዝጊያውን ማታ ነው። የናንተ ቅርንጫፍና የኛ መዝገብ አልገጥም ብሎ በ360 ተለያየ። እኔ ደረሰኝ ጠፍቷል ብዬ ሳጥኑን ሁሉ ወለሉ ላይ ዘርግፌዋለሁ። አንቺ ግን ተረጋግተሽ «ለዘጠኝ አካፍይው» አልሽኝ። እኩል ወጣ። «እንግዲያው የጠፋ ነገር ላይኖር ይችላል፤ አንዱ ቁጥር ተገለባብጦ ይሆናል» አልሽ። እውነትም 5,841 መባል የነበረበት 5,481 ተብሎ ተገኘ። የዚያን ቀን ስልኩን ስዘጋ ሰዓቱ ምን ያህል እንደመሸ አልነግርሽም። ከዚያ ወዲህ እዚህ አዲስ ሠራተኛ ሲገባ መጀመሪያ የማስተምረው ያቺን ዘዴ ነው። ያስተማረችኝ ሜሮን ናት እያልኩ። ስለዚህ አይተውሽ የማያውቁ ሰዎች እዚህ ስምሽን ያውቁታል። የጥሪ ካርድሽን ሲያዩ «የዘጠኟ ሜሮን?» ያለኝ ልጅ አለ።

መምጣት ባልችል ማድረግ የምችለውን ላድርግልሽ። ፈቃድ ላይ በምትሆኚበት ጊዜ ከአቅራቢዎች የሚመጣውን የክፍያ ጥያቄ ወደኔ አዙሪው። ከአለቃዬ ጋር ተነጋግሬ እሺ ብሎኛል፤ ከናንተ በኩል ያንቺ አለቃ እሺ ካለ ያልቃል። ከመውጣትሽ በፊት ያልተከፈሉትን ዝርዝር ላኪልኝ፤ የትኛው አስቸኳይ፣ የትኛው ሊቆይ የሚችል እንደሆነ ብቻ ምልክት አድርጊበት። ያ በየቀኑ እየደወለ «ቼኩ ተፈረመ ወይ?» የሚልሽ ሰውዬም ወደኔ ይደውል። ስልኬን ስጪው፤ እኔ እችለዋለሁ። አንድ ነገር ግን ቃል ግቢልኝ። በዚያ ሳምንት የመሥሪያ ቤቱን ኢሜይል አትክፈቺ። እንደምትከፍቺው እገምታለሁ። እኔ ግን ብትጽፊልኝም አልመልስም። ከፈለግሽ ተቆጪ።

ፎቶ ስትልኩ እኔንም አትርሺኝ። ፎቶግራፈሩ አሳምሮ እስኪያስረክባችሁ መጠበቅ አልችልም፤ ሰው በስልኩ ያነሳውን ዝብርቅርቅ ያለውንም ላኪልኝ። እንዲያውም እሱ ይሻለኛል። ዮናስን አደራ ብዬዋለሁ፣ ግን እሱ የሚያነሳው ፎቶ ግማሹ ጣቱ ነው።

ለዓመታዊው ስብሰባ ወደዚህ ስትመጪ ደግሞ ባለቤትሽን ይዘሽው ነይ። ቤታችን ሰፊ አይደለም፤ ልጆቹን አንድ ክፍል አድርገን አንዱን ለእናንተ እንለቃለን። ባለቤቴ ከወዲሁ ተስማምቷል። በሰው ግርግር መሀል ከሩቅ እጅ ከማውለብለብ ቁጭ ብለን ብንጫወት ይሻለኛል። ሙሽራውንም ያኔ በደንብ እተዋወቀዋለሁ። እስካሁን የማውቀው ከስልኩ ጀርባ «ምሳ ቀዘቀዘ!» ሲል ብቻ ነው።

ለዚህ ደብዳቤ መልስ እንድትጽፊ አልጠብቅም። ሥራ እንደበዛብሽ አውቃለሁ። የአቅራቢዎቹን ዝርዝር ስትልኪ ከላይ አንድ ቃል ጣል ብታደርጊ ይበቃኛል።

ትዳራችሁ የሰመረ፣ ቤታችሁ የሞቀ ይሁን። አብሮ ያስረጃችሁ።

አክባሪሽ
ሰላማዊት
ከዋናው መሥሪያ ቤት፣ ሒሳብ ክፍል