የቅድሚያ ክፍያ ጥያቄያችን፦ የታረመው ደብዳቤ

ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ።

ለኮሌጁ ሊያስገቡት ያዘጋጁትን ደብዳቤ አይቼዋለሁ። ሁለት ገጽ ነበር፤ አሁን አንድ ገጽ ሆኗል። ስለ ድርጅታችን መልካም ስም፣ ስለ ኮሌጁ ታላቅነትና አሸናፊ ስላደረገን ኮሚቴ ምስጋና የተጻፈውን አውጥቼዋለሁ። ጨረታውን አሸንፈናል፣ ውሉም ተፈርሟል፤ ከእንግዲህ ማንም ስለ ስማችን አይጠይቅም። ደብዳቤው የሚደርሰው ፋይናንስ ላይ ነው። እዚያ ያለችው ባለሙያ የምትፈልገው ስንት፣ በየትኛው አንቀጽ፣ በምን ዋስትና የሚለውን ብቻ ነው።

ዋናው ችግር ግን ርዝመቱ አልነበረም። በሁለተኛው ገጽ እንዲህ ብለዋል፦

«ድርጅታችን የ30 በመቶ ቅድሚያ ክፍያ ቢፈቀድለት በምላሹ የውሉን 10 በመቶ የውል ማስከበሪያ ዋስትና በደስታ እንደሚያስገባ በትሕትና እናስታውቃለን።»

ጋሼ፣ የውል ማስከበሪያው እኮ ዕዳችን ነው። ቅድሚያ ክፍያ ብንጠይቅም ባንጠይቅም ውሉ ከተፈረመ በ15 ቀን ውስጥ ማስገባት አለብን፤ አንቀጽ 9ን ይመልከቱ። «በምላሹ» ብለን ስናቀርበው «ካልከፈላችሁን አናስገባም» ያልን ይመስላል። የግዥ ኃላፊው ይህን ካነበበ የሚያስበው ስለ ገንዘቡ አይደለም፣ ስለ እኛ ነው።

ሂሳቡም አይገጥምም። እነሱ 1,440,000 ብር ይሰጡናል፣ በእጃቸው የሚቀረው ዋስትና 480,000 ብር ነው። ነገ ሥራውን ጥለን ብንጠፋ 960,000 ብር ሜዳ ላይ ቀረ ማለት ነው። ይህን የሚፈርም የፋይናንስ ኃላፊ አይገኝም፤ ቢፈርም እንኳ ኦዲተር መጥቶ ይጠይቀዋል። የውል ማስከበሪያ የሚያስይዘው ዴስኩን በውሉ መሠረት ማቅረባችንን ነው። ለተሰጠን ገንዘብ ደግሞ ራሱን የቻለ የቅድሚያ ክፍያ ዋስትና፣ ያውም በገንዘቡ ልክ፣ ያስፈልጋል። በመንግሥት የግዥ ሰነዶች ላይ ይህ የተለመደ ነው፤ የእኛም ውል አንቀጽ 14 ቃል በቃል ይለዋል። ስለዚህ ሁለቱን ለየብቻ አስቀምጫቸዋለሁ።

ባንኩ ለሁለተኛው ዋስትናም በጥሬ ገንዘብ ማርጂን እንደሚይዝብን አውቃለሁ፤ «በአንዱ ይብቃን» ያሉትም ለዚያ ይመስለኛል። ከኢንሹራንሱ የተሰጠዎት ዋጋ ርካሽ ነው፣ ግን እነሱ የሚሰጡት ቅድመ ሁኔታ ያለው ነው። ውላችን «ቅድመ ሁኔታ የሌለው የባንክ ዋስትና» ይላልና አይቀበሉንም። እዚህ ላይ የሚያተርፈን ሌላ ነገር አለ፦ ኮሌጁ ከየርክክቡ በቀነሰ ቁጥር የዋስትናው መጠንም አብሮ እንዲወርድ መጠየቅ። ከተፈቀደልን ማርጂናችን ቀስ በቀስ ይለቀቃል። በረቂቁ ውስጥ ስላልነበረ ጨምሬዋለሁ።

ደብዳቤው ይኸው። የሚታተመው በራስጌ ወረቀታችን ላይ ስለሆነ ስማችንን አልደገምኩትም።

ቁጥር፦ ቅክ/014/18
ቀን፦ ጥቅምት 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለግዥ፣ ፋይናንስና ንብረት አስተዳደር ዳይሬክቶሬት
ጎንደር

ጉዳዩ፦ የ1,440,000 ብር ቅድሚያ ክፍያ ስለመጠየቅ

ጥቅምት 11 ቀን 2018 ዓ.ም. በፈረምነው ውል መሠረት ለኮሌጁ 480 ኮምባይንድ ዴስክ፣ አንዱን ተጨማሪ እሴት ታክስን ጨምሮ በብር 10,000፣ በጠቅላላው በብር 4,800,000 (አራት ሚሊዮን ስምንት መቶ ሺህ) ለማቅረብ ውል ገብተናል።

በውሉ ልዩ ሁኔታዎች አንቀጽ 14 መሠረት የውሉ ዋጋ 30 በመቶ፣ ማለትም ብር 1,440,000 (አንድ ሚሊዮን አራት መቶ አርባ ሺህ) በቅድሚያ እንዲከፈለን እንጠይቃለን።

ገንዘቡ የሚውለው ለመጀመሪያውና ለሁለተኛው ዙር ለሚቀርቡት 320 ዴስኮች ዕቃ መግዣ ብቻ ነው፦ ለቱቦላሬና ላሜራ ብር 910,000፤ ለጣውላ ብር 380,000፤ ለቀለም፣ ለኤሌክትሮድና ከአዲስ አበባ ጎንደር ለማጓጓዣ ብር 150,000። የሻጮቹ የዋጋ ማቅረቢያዎች ተያይዘዋል።

ለሚከፈለን ገንዘብ ማስያዣ በብር 1,440,000 ቅድመ ሁኔታ የሌለው የባንክ የቅድሚያ ክፍያ ዋስትና አያይዘናል። ዋስትናው እስከ መጋቢት 11 ቀን 2018 ዓ.ም. ይጸናል። ቅድሚያ ክፍያው እስከዚያ ተቀንሶ ካላለቀ፣ ጊዜው ከማብቃቱ በፊት እናራዝማለን።

በአንቀጽ 9 የተጣለብንን ግዴታ ለመፈጸም ደግሞ የውሉን ዋጋ 10 በመቶ፣ ብር 480,000፣ የሆነ የባንክ የውል ማስከበሪያ ዋስትና በዚሁ ደብዳቤ አስገብተናል። ይህ ዋስትና ከቅድሚያ ክፍያው የተለየ ነው፤ የክፍያው ውሳኔ ምንም ቢሆን ይጸናል።

ቅድሚያ ክፍያው እያንዳንዳቸው 160 ዴስክ ከሚይዙት ከሦስቱ ርክክቦች በእኩል ይቀነስ። የአንድ ዙር ዋጋ ብር 1,600,000 ሲሆን፣ ብር 480,000 ተቀንሶ ብር 1,120,000 ይከፈለናል። ከየቅናሹ በኋላ የቅድሚያ ክፍያ ዋስትናው መጠን በተቀነሰው ልክ እንዲወርድ ለባንኩ በጽሑፍ እንድታሳውቁልን እንጠይቃለን።

የርክክቡ ቀናት፦ አንደኛው ዙር ኅዳር 22፣ ሁለተኛው ታኅሣሥ 16፣ ሦስተኛው ጥር 7 ቀን 2018 ዓ.ም. ናቸው። ይህን መርሐ ግብር ለመጠበቅ ክፍያው በአንቀጽ 14 በተቀመጠው የ14 ቀን ጊዜ ውስጥ በውሉ ላይ በተመለከተው የባንክ ሂሳባችን እንዲገባ እንጠይቃለን።

ከሰላምታ ጋር

ሥራ አስኪያጅ
(ፊርማና ማኅተም)

አባሪ፦ የቅድሚያ ክፍያ ዋስትና ዋናው፤ የውል ማስከበሪያ ዋስትና ዋናው፤ የውሉ ቅጂ፤ የሻጮች የዋጋ ማቅረቢያዎች
ግልባጭ፦ ለንብረት ክፍል

ደብዳቤው እዚህ ያበቃል። ሳይፈርሙት በፊት ሊያውቋቸው የሚገቡ ጥቂት ነገሮች አሉ።

በረቂቅዎ ላይ ገንዘቡ በአሃዝ 1,450,000 ነበር፣ በፊደል ግን አንድ ሚሊዮን አራት መቶ አርባ ሺህ። የፊደሉ ነው ትክክል። እንዲህ ያለ ወረቀት ገንዘብ ቤት ሳይደርስ ገና መዝገብ ቤት ላይ ተመላሽ ይሆናል።

480,000 የሚለው ቁጥር በደብዳቤው ውስጥ ሁለት ጊዜ መጥቷል፣ አንዴ እንደ ውል ማስከበሪያ፣ አንዴ እንደ የዙሩ ቅናሽ። በአጋጣሚ የገጠመ ነው። የዳይሬክቶሬቱ ሰው ስልክ ደውሎ «ይሄ ያው አይደለም ወይ?» ካለ አንዱ የውሉ አንድ አስረኛ፣ ሌላው የቅድሚያ ክፍያው ሲሶ መሆኑን ይንገሩት። ዴስኩም 480 መሆኑ ደግሞ ሰውን ለማደናገር የተዘጋጀ ይመስላል፤ ምን ይደረግ።

«ቅድሚያ ክፍያው ካልተፈጸመ ሥራ ለመጀመር እንቸገራለን» ያሉትን ሙሉ በሙሉ አስወጥቻለሁ። እውነት ነው፣ ግን ውሉ የ90 ቀኑን ጊዜ የሚቆጥረው ከተፈረመበት ቀን እንጂ ገንዘቡ ከገባበት ቀን አይደለም። ስለዚህ የሚያስፈራራ ዓረፍተ ነገር የሚጎዳው እኛኑ ነው። እነሱ ክፍያ ቢያዘገዩ በዚያን ጊዜ የጊዜ ማራዘሚያ ጥያቄ እናቀርባለን፣ የዚህ ደብዳቤ ቁጥርና ቀንም ማስረጃችን ይሆናል። የ14 ቀኑን ያነሳሁት ለዚያ ነው።

የርክክቡን ቀን ያየሁት በካላንደር ነው፦ ከጥቅምት 11 ዘጠና ቀን ሲቆጠር ጥር 11 ይመጣል። ጥምቀት! በጎንደር ጥር 10 ከተራ ከዋለ በኋላ መንገዱ ለታቦታት ነው፣ ወደ ፋሲለደስ መዋኛ የሚወስደው ሁሉ ሰው ነው፣ ኮሌጁም ዝግ ነው። ዴስክ የጫነ አይሱዙ ይዘን በዚያ ቀን ወዴት እንሄዳለን? ለዚህ ነው የመጨረሻውን ዙር ጥር 7 ያደረግኩት። የወርክሾፑን ልጆች ከአሁኑ ንገሯቸው፣ ቀለሙ እስኪደርቅ የሚፈጀውም ቀን ከዚያ ውስጥ ይቆጠርልኝ።

የባንክ ሂሳብ ቁጥራችንን ሆን ብዬ አልጻፍኩትም። ውሉ ላይ አለ፤ በሁለት ቦታ ሲጻፍ አንዱ አንድ ቁጥር ቢሳሳት ክፍያው ይቆማል።

የጨረታ ማስከበሪያ ያስያዝነው 50,000 ብር ሲፒኦ ይመለስልን የሚለውንም ከረቂቁ አውጥቼዋለሁ። የውል ማስከበሪያው ከገባ በኋላ በራሱ ደብዳቤ ነው የሚጠየቀው። ሁለት ጉዳይ በአንድ ወረቀት ሲገባ አንዱ ይታያል፣ ሌላው ፋይል ውስጥ ይቀራል። የሲፒኦውን ደብዳቤ እኔ ዛሬ እጽፈዋለሁ።

አንድ ነገር ብቻ አደራ፦ ሁለቱም ዋስትናዎች ከባንክ በእጃችን ሳይገቡ ደብዳቤው እንዳይወጣ። «አያይዘናል» ብለናልና መያያዝ አለበት። ባንኩ እስከ ዓርብ ከሰዓት ካላደረሰልን ቀኑን ወደ ሰኞ ጥቅምት 17 እናዞረዋለን፣ ለውል ማስከበሪያው እስከ ጥቅምት 26 ጊዜ አለን። ማርጂኑ ከብዶ ባንኩ የቅድሚያውን ዋስትና ከቀነሰብን ደግሞ ጥያቄውን ወደ 20 በመቶ፣ ወደ 960,000 ብር፣ እናወርደዋለን። ቁጥሮቹን ሁሉ እንደገና ስለምሠራ እርስዎ በእጅ አያስተካክሉ። ቱቦላሬውን ብቻ እንኳ ብንገዛበት አንደኛው ዙር ይወጣል።

ወደ መዝገብ ቤት ሲልኩ ሁለት ቅጂ ይዘው ይሂዱ፣ አንዱ ላይ የገቢ ማኅተምና ቀን አስደርገው ይመለሱልኝ። የ14 ቀኑ የሚቆጠረው ከዚያ ማኅተም ነው።