የኢአርፒ ሥልጠና ዕቅድ፦ ለመጋዘንና ለሂሳብ ክፍል ሠራተኞች (ከግንቦት 3 እስከ ሰኔ 30 ቀን 2018)

ለማን እና ለምን

ከሐምሌ 1 ቀን 2018 ጀምሮ የቃሊቲው ዋና መጋዘን፣ የአዳማው ቅርንጫፍ መጋዘንና የሂሳብ ክፍላችን ኦዱ በተባለው የኢአርፒ ሶፍትዌር መሥራት ይጀምራሉ። ቀኑን የመረጥነው የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ስለሚዘጋ ነው። ያለፈው ዓመት ሂሳብ እዚያው እስካሁን በምንሠራበት የሂሳብ ሶፍትዌር፣ ፒችትሪ ላይ ያልቃል። አዲሱ ዓመት በአዲሱ ሥርዓት ይከፈታል።

ሠልጣኞቹ 19 ናቸው። ስምንቱ ከቃሊቲ፣ ሦስቱ ከአዳማ፣ ስምንቱ ከሂሳብ ክፍል። ዕቅዱን ከመጻፌ በፊት ሁሉንም በየሥራ ቦታቸው አነጋግሬያለሁ። ከ11ዱ የመጋዘን ሠራተኞች ሰባቱ ማውስ ይዘው አያውቁም። በሂሳብ ክፍል ደግሞ ፒችትሪ ላይ የሚያስገቡት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው። የቀሩት ስድስቱ ቫውቸር በእጅ ሞልተው ለእነሱ ያስተላልፋሉ።

ይህ ማለት ግን ሥራውን አያውቁም ማለት አይደለም። ንብረት ክፍል ያሉ ጋሼዎቻችን የትኛው ዕቃ የትኛው መደርደሪያ ላይ እንዳለ ዓይናቸውን ጨፍነው ይነግሩሃል። ሁሉም ማለት ይቻላል ቴሌግራም ይጠቀማሉ፣ በቴሌብር ይከፍላሉ። የጎደለው የስክሪኑ ልምድ ብቻ ነው። ከዚያ በላይ የሚከብደው ደግሞ «ነክቼ ባበላሸውስ» የሚለው ፍርሃት ነው። ስለዚህ ሥልጠናው ከሚያውቁት ወረቀት ይነሳል። የዕቃ መቀበያ ሰነዱ ጂአርኤን፣ የወጪ ቫውቸሩ፣ የየዕቃው ገቢና ወጪ የሚጻፍበት ቢን ካርድ በግራ እጅ፣ ስክሪኑ ከፊት።

አንድ ነገር ከወዲሁ ግልጽ ይሁን። በዚህ ሥልጠና ምክንያት ከሥራ የሚቀነስ ወይም ደመወዙ የሚነካ ሰው የለም። ሥራ አስኪያጁ ይህን በጽሑፍ አረጋግጠዋል፤ ደብዳቤው በሁለቱም መጋዘኖችና በሂሳብ ክፍል ይለጠፋል።

ሰዓትና ቦታ

ሥልጠናው በሥራ ሰዓት ነው። ለሂሳብ ክፍል ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ከጠዋቱ 2፡30 እስከ 4፡00። ለቃሊቲ በእነዚሁ ቀናት ከሰዓት፣ መኪና ተጭኖ ካለቀ በኋላ። የመጀመሪያው ቡድን ከ8፡00 እስከ 9፡15፣ ሁለተኛው ከ9፡30 እስከ 10፡45። ሦስቱን የአዳማ ሠራተኞች አዲስ አበባ አምጥቶ ቅርንጫፉን መዝጋት አይቻልም። ስለዚህ ማክሰኞና ሐሙስ አሠልጣኙ ወደ አዳማ ይሄዳል።

ለአንድ ሰው አንድ ኮምፒውተር። ሁለት ሰው በአንድ ኮምፒውተር ሲቀመጥ ቀልጠፍ ያለው ማውሱን ይይዛል፣ ሌላው ተመልካች ሆኖ ይወጣል። አሠልጣኙም ቢሆን የሠልጣኙን ማውስ አይነካም። በጣቱ ያሳያል፣ በአፉ ይናገራል፣ እጁን ግን ወደ ኋላ ያደርጋል። ይህን ደንብ ለማንም አናላላም።

ሁሉም የኦዱ ልምምድ የሚካሄደው በተለየ የመለማመጃ ዳታቤዝ ላይ ነው። እዚያ የሚጠፋ ዕቃ የለም፣ የሚጎድል ብር የለም። ኦዱ በሚከፈትበት በመጀመሪያው ቀን እያንዳንዱ ሰው ሆን ብሎ አንድ ስህተት እንዲሠራ ይደረጋል። ከዚያ አብረን እናስተካክለዋለን። ፍርሃቱ የሚለቀው ያኔ ነው።

ሳምንት 1 እና 2 (ከግንቦት 3 እስከ 14)፦ እጅን ማላመድ

ኦዱ በእነዚህ ሁለት ሳምንታት አይከፈትም ማለት ይቻላል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ክፍለ ጊዜዎች ማውስ ብቻ ናቸው። ካርታ ጨዋታ እናስጫውታለን፤ መያዝ፣ መጎተት፣ መልቀቅ፣ ሁለት ጊዜ መጫን ሁሉም እዚያ ውስጥ አለ። ከዚያ ኪቦርድ። በአሥር ጣት መጻፍ አያስፈልግም። የመጋዘን ሠራተኛ በብዛት የሚጽፈው ቁጥር ስለሆነ በስተቀኝ ባለው የቁጥር ክፍል ላይ እንበረታለን። ፒችትሪ ላይ የሚያስገቡት ሁለቱ የሂሳብ ባልደረቦች በእነዚህ ሳምንታት ከአሠልጣኙ ጎን ሆነው ያግዛሉ።

ቀጥሎ መግቢያ ስምና የይለፍ ቃል። ይህን ለማስረዳት ረጅም ንግግር አያሻም። የቴሌብር ፒንዎን ለጓደኛዎ ይሰጣሉ? አይሰጡም። ይህም እንደዚያው ነው። በእርስዎ ስም የወጣ ዕቃ በእርስዎ ፊርማ እንደወጣ ይቆጠራል።

ከሁሉም በላይ ጊዜ የምንሰጠው ለቀን አጻጻፍ ነው። ወረቀታችን ላይ ያለው የኢትዮጵያ ቀን ነው፤ ኦዱ የሚቀበለው ደግሞ የፈረንጁን ነው። ግንቦት 3 ቀን 2018 ስክሪኑ ላይ `11/05/2026` ይሆናል። ሰኔ 1 ቀን `08/06/2026`፣ ሐምሌ 1 ቀን `08/07/2026`። በየጠረጴዛው ላይ የዓመቱ የቀን ማመሳከሪያ ይለጠፋል። ሰዓቱም እንደዚያው ነው፦ ስክሪኑ `14:20` ካለ በእኛ ከቀኑ 8፡20 ነው። በወር መጨረሻ የገባ ዕቃ ቀኑ ተሳስቶ በሚቀጥለው ወር ቢመዘገብ የመጋዘኑና የሂሳቡ ወር አይገናኝም። ስለዚህ በየቀኑ ሥልጠናው የሚጀምረው አምስት ቀኖችን በመቀየር ነው።

ሳምንት 3 (ከግንቦት 17 እስከ 21)፦ ኮድና መለኪያ

አረፋ በዚህ ሳምንት ስለሚውልና ቀኑ በጨረቃ ስለሚወሰን ሁለት ክፍለ ጊዜ ብቻ ይዘናል። ርዕሱ ግን ቀላል አይደለም። ዕቃ የሚፈለገው በኮድ ነው፤ ስሙን ለመጻፍ መታገል አያስፈልግም። የሚከብደው መለኪያው ነው።

ፌሮን እንውሰድ። የምንገዛው በኪሎ ነው፤ የምናወጣው በቤርጋ። የ12 ሚሊ ፌሮ አንድ ቤርጋ 12 ሜትር ነው፤ ክብደቱም 10.66 ኪሎ ገደማ። 50 ቤርጋ ሲመዘን 533 ኪሎ ይሆናል። አንድ ሰው የሚዛን ወረቀቱን አይቶ ቤርጋ በሚለው ቦታ 533 ቢጽፍ፣ ሥርዓቱ ውስጥ የሌለ 483 ቤርጋ ተፈጠረ ማለት ነው። ሽያጭ ክፍል አለ ብሎ ይሸጠዋል። ሴራሚክም በካርቶንና በካሬ ሜትር ያው ችግር አለበት። ልምምዱ በእውነተኛ የሚዛን ወረቀቶች ይሆናል።

ሳምንት 4 እና 5 (ከግንቦት 24 እስከ ሰኔ 5)፦ ዕቃ መቀበልና ደረሰኝ ማስገባት

የዕቅዱ ልብ ይህ ነው። መጋዘንና ሂሳብ የሚለማመዱት አንድ ዓይነት ታሪክ ነው፣ ከሁለቱም ጎን።

ታሪኩ ይህ ነው። 120 ካርቶን ሴራሚክ ታዟል፤ የአንዱ ዋጋ 900 ብር። መኪናው ሲራገፍ ደህና የሆነው 114 ነው፤ ስድስቱ ተሰባብረው ተመልሰዋል። የመጋዘን ሠራተኛው `Receipts` ውስጥ ገብቶ ትዕዛዙን ይከፍታል። 120 የሚለውን አጥፍቶ 114 ይጽፋል። `Validate` ሲጫን ሥርዓቱ ስለቀረው ይጠይቀዋል። አቅራቢው ስድስቱን ይተካል ከተባለ `Create Backorder`። አይመጣም ከተባለ `No Backorder`። እዚህ ጋ እንቆማለን፣ እንደጋግማለን። ዕቃው ሲደርስ ሰውየው ቸኩሎ 120ውን እንዳለ ቢያጸድቀው በኋላ ማንም አያገኘውም።

የሂሳብ ባልደረባዋ ደግሞ ሦስት ነገር ታስተያያለች፦ የታዘዘውን፣ የገባውን፣ ደረሰኙ ላይ ያለውን። የ114 ካርቶን ዋጋ 102,600 ብር ነው። 15 በመቶ ቫት 15,390፣ ድምሩ 117,990። ደረሰኙ ለ120 ተቆርጦ ከመጣ 124,200 ይላል። የ6,210 ብር ልዩነት ነው። `Confirm` ከመጫኗ በፊት ስልክ አንስታ መጋዘኑን ትጠይቃለች። በልምምዱም ጊዜ ስልኩ በእውነት ይደወላል። ሁለቱ ክፍሎች የሚነጋገሩት ችግር ሲፈጠር ብቻ ነበር፤ ይህ እንዲቀየር በጣም እፈልጋለሁ።

ዊዝሆልዲንግ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው፣ ለሂሳብ ክፍል ብቻ። ስሌቱን ያውቁታል፤ የትኛውን መምረጥ እንዳለባቸው ማሳየት ይበቃል።

ሳምንት 6 (ከሰኔ 8 እስከ 12)

ዕቃ ማውጣት፣ ከቃሊቲ ወደ አዳማ ማስተላለፍ፣ ክፍያ መመዝገብ። መቀበል የቻለ ሰው ይህ አይከብደውም።

ሳምንት 7 (ከሰኔ 15 እስከ 19)፦ የሙከራ ሥራ

የግንቦት ወር እውነተኛ ወረቀቶችን ቅጂ ወስደን አንድ ሙሉ የሥራ ቀን በመለማመጃው ላይ እንሠራለን። ረቡዕ ዕለት ለአንድ ሰዓት መብራት ሆን ብለን እናጠፋለን። ዩፒኤሱ የሚበቃው የያዙትን ጨርሶ ለማስቀመጥ ነው። ከዚያ ወዲያ ቁጥር የታተመበት ጂአርኤን በእጅ ይሞላል። መብራት ሲመጣ በቁጥሩ ቅደም ተከተል ይገባል፤ የገባው ወረቀት ላይ ማህተም ይመታል። ማህተም የሌለው አልገባም ማለት ነው። ኔትወርክ ሲቋረጥም አሠራሩ ይኸው ነው።

ሳምንት 8 (ከሰኔ 22 እስከ 30)፦ ማረጋገጫና ቆጠራ

ከሰኔ 22 እስከ 24 እያንዳንዱ ሰው አምስት ሥራ በራሱ እጅ ሠርቶ ያሳያል። የጽሑፍ ፈተና የለም። የቀን ማመሳከሪያውንና የእጅ ማስታወሻውን ማየት ይፈቀዳል። አንዱ ያልሆነለት ሰው ሰኔ 25 ቀን ለብቻው ይለማመዳል። ያም ካልበቃ ሐምሌ ውስጥ ከጎኑ ሰው ይቀመጣል እንጂ ብቻውን አይተውም።

የአካል ቆጠራው ከሰኔ 26 እስከ 28 ነው። ያለፈውን ሚዛን ከቢን ካርድ ገልብጠን አናስገባም፤ መደርደሪያው ላይ ያለው ይቆጠራል። ሰኔ 29 እና 30 የቆጠሩት ሰዎች ራሳቸው ያስገባሉ።

ሱፐር ዩዘሮች

በሥራ ላይ ባልደረቦቻቸውን የሚረዱ ሰዎች፣ ከቃሊቲ ሁለት፣ ከአዳማ አንድ፣ ከሂሳብ ክፍል አንድ እንመርጣለን። ወጣት ስለሆነ ወይም ኮምፒውተር ስለሚወድ ብቻ ሰው አይመረጥም። ሌሎቹ ሳያፍሩ የሚጠይቁት ሰው ነው የምንፈልገው። ታላላቆችን የሚረዳ ሰው ዝቅ ብሎ፣ «እስቲ ጋሼ፣ እዚህ ጋ ይጫኑት» እያለ፣ ሌላ ሰው በማይሰማበት ድምፅ ይረዳል። በሰው ፊት የታረመ ትልቅ ሰው ሁለተኛ አይጠይቅም።

ከሐምሌ 1 በኋላ

ለአራት ሳምንት ቢን ካርዱ ጎን ለጎን ይቀጥላል። ድካም መሆኑን አውቃለሁ፤ የሚቆምበት ቀን ግን ሐምሌ 28 ተብሎ ተቆርጧል። በየዓርቡ 20 ዕቃዎች ተመርጠው ካርዱ፣ ስክሪኑና መደርደሪያው ይነጻጸራሉ። ልዩነት ሲገኝ የሚጠየቀው «ማን አጠፋ» ሳይሆን «በየትኛው ደረጃ ላይ ተለያየ» ነው። አሠልጣኙ የመጀመሪያዎቹን አሥር የሥራ ቀናት ከማክሰኞ በቀር ቃሊቲ ይውላል፤ አዳማ በስልክ ይደግፋል፣ ማክሰኞ ማክሰኞ ደግሞ በአካል ይገኛል።

የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ሰኞ ግንቦት 3 ነው። ደብተርና እስክሪብቶ እኛ እናዘጋጃለን። የመጋዘን ሠራተኞች ከዚያ በፊት ባለው ሳምንት የሞላችሁትን አንድ ጂአርኤን ቅጂ ይዛችሁ ኑ። የንባብ መነጽር ያላችሁ ደግሞ እንዳትረሱ፤ የስክሪኑ ፊደል ትንሽ ነው።