ለአክስቴ፣ ስለ ቁጠባዬ

ደብረ ማርቆስ፣ ጥቅምት 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ አክስቴ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

ያጠራቀምሽውን ምን ልታደርጊው ነው ላልሽኝ፣ እጄ ላይ 24 ሺህ ብር አለ። በግማሹ የኢትዮ ቴሌኮም አክሲዮን ልገዛ ነው። አንዱ 300 ብር ነው፤ ከ33 በታች አይሸጥም። እኔ 40 እወስዳለሁ፣ ክፍያው በቴሌብር ነው። ካተረፈ ድርሻዬ ይደርሰኛል፤ ካላተረፈም አውቄ ነው የገባሁበት። ልሽጠው ብል ቶሎ ገዢ ላላገኝ ስለምችል፣ የቀረው ባንክ ይቀመጣል፤ የቤት አከራይ እንደሆነ መቼ ኪራይ እንደሚጨምር አይታወቅም! የመምህራኑን ዕቁብም አልተውኩም። እማዬ ግን «ወርቅ ግዢበት» እያለች ነው።

ላንቺም ልግዛልሽ እንዳልል፣ ሽያጩ ለኢትዮጵያዊ ዜጋ ብቻ ነው፤ አንቺ ደግሞ ፓስፖርትሽን ቀይረሻል።

ልጆቹን ሳሚልኝ።

ያንቺው ሰላማዊት